ነፋስ አየር ላይ፣ ዝናብ መሬት ላይ፦ የአየር ጠባይ የጎልና የነጥብ ድምርን እንዴት ይለውጣል?

(በአዲስ አበባ፣ ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ለአሠልጣኞች፣ ለዳኞችና ለስፖርት ዘጋቢዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ የሙያ ባልደረቦቼ ዳኞች፣ የስፖርት ጋዜጠኞች፣ እንዲሁም ደብተራችሁን እንደያዛችሁ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣችሁ ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። በዚህ የክረምት ምሽት፣ መንገዱ ጎርፍ ሆኖ ሳለ፣ ጃንጥላችሁን ይዛችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ፊሽካ ይዤ ሜዳ እገባ ነበር። ዛሬ የምናገረው እነዚህ ሁለቱ ስለሚገናኙበት ጉዳይ ነው። ነፋስና ዝናብ በአንድ ጨዋታ የሚቆጠረውን ጠቅላላ ጎል ወይም ነጥብ፣ ማለትም የሁለቱን ቡድኖች ድምር፣ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉት እንዴት ነው? ማን ያሸንፋል የሚለውን አልነካም፤ ድምሩን ብቻ ነው የማየው።

ጉዳዩን እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ ወጣት ነው። ባለፈው ሳምንት ከለገሀር ወደዚህ በእግሬ ስመጣ ዝናቡ ድንገት ወረደብኝና አንድ የስፖርት ውርርድ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለልሁ። በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚነካካ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ የምንጠብቀው ጨዋታ ያለበት አገርም እየዘነበ ነው። ዛሬ ከ2 ጎል በላይ አይገባም፤ አንደር ነው» አለኝ። እኔም፣ «ምን ዓይነት ዝናብ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ሳቀብኝ። «ዝናብ ያው ዝናብ ነው እንጂ ምን ዓይነት አለው?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ዝናብ ያው ዝናብ አይደለም። ነፋስም ያው ነፋስ አይደለም። ይህን ለማሳየት ሦስት ነገሮችን አነሳለሁ። መጀመሪያ ነፋስ ድምሩን በግልጽ ስለሚለውጥበት ስለ ቤዝቦል እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፣ አትሰልቹብኝ። ቀጥሎ ያው ነፋስ በእኛ እግር ኳስ ውስጥ ለምን እንደሚደክም እገልጻለሁ። በመጨረሻም ዝናብን አነሳለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ቤዝቦል ለአብዛኞቻችን እንግዳ ጨዋታ ስለሆነ ለዛሬ የሚያስፈልገንን ያህል ብቻ ልንገራችሁ። ሜዳው እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ነው። መቺው በማራገቢያው እጀታ ላይ፣ ማለትም በጠባቡ ማዕዘን ላይ ይቆማል፤ ወርዋሪው ኳሱን ይወረውርለታል፤ እርሱም በዱላ ይመታዋል። ኳሱ መሬት ሳይነካ ከማራገቢያው ጠርዝ፣ ማለትም ከአጥሩ ባሻገር ከወደቀ ሆም ራን ይባላል፤ መቺው ራሱና በመንገድ ላይ የነበሩት ባልደረቦቹ ሁሉ ዞረው ገብተው ነጥብ ያስቆጥራሉ። ኳሱ ከአጥሩ አንድ ሜትር ቀርቶት ቢወድቅ ግን የተጋጣሚ ተጫዋች አየር ላይ ቀልቦ መቺውን ያስወጣዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአንድ ሜትር ልዩነት አንዱ ምት እስከ አራት ነጥብ ሊያስገኝ ይችላል፣ ሌላው ምንም አያስገኝም።

እዚህ ላይ ነው ነፋስ የሚገባው። ከፍ ብሎ ወደ አጥሩ የተመታ ኳስ አራት፣ አምስት ሴኮንድ ያህል አየር ላይ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሁሉ አየሩ ይቃወመዋል። ተማሪዎቼ ሳላችሁ እንደነገርኋችሁ፣ አየር በሚሮጥ ነገር ላይ የሚያሳድረው መጎተት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። ደግሞም የሚቆጠረው ፍጥነት ኳሱ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት አይደለም፤ ከአየሩ አንጻር ያለው ነው።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ኳሱ ወደ ፊት በሴኮንድ 30 ሜትር ይሄዳል እንበል። ነፋስ በሌለበት ቀን 30 በ30 ተባዝቶ 900 ይሆናል፤ ይህን የመጎተቱ መለኪያ አድርገን እንያዘው። አሁን በሴኮንድ 5 ሜትር የሚሄድ ነፋስ ከመቺው ጀርባ ተነሣ። ይህ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ኃይለኛ ነፋስ የሚባል አይደለም፤ ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ ነው። ኳሱ ከአየሩ አንጻር የሚሮጠው በ25 ብቻ ነው፤ 25 በ25 ደግሞ 625 ነው። መጎተቱ ከ900 ወደ 625 ወረደ፤ ሲሶ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ነፋሱ ዞሮ ከፊት ቢመጣስ? 35 በ35 ሆኖ 1225 ይደርሳል። እስቲ ተመልከቱ፤ ነፋሱ ከኋላ ሲሆን የቀነሰልን 275 ነው፣ ከፊት ሲሆን የጨመረብን ግን 325 ነው። ስለዚህ ከፊት የሚመጣ ነፋስ የሚነጥቀው ርቀት፣ ያው ነፋስ ከኋላ ሆኖ ከሚሰጠው ይበልጣል። እርግጥ ኳሱ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ስለሚወርድና ስለሚሽከረከር እውነተኛው ስሌት ከዚህ የተወሳሰበ ነው፤ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው። በሜዳ ላይ ሲተረጎም፣ ከኋላ የሚነፍስና በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ለስላሳ ነፋስ እንኳ 120 ሜትር የሚሄደውን ኳስ 5 ሜትር ገደማ ያስረዝመዋል። አንድ ሜትር የሚወስነውን ነገር ካወቅን አምስት ሜትር ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ይህ በጉልህ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ የሚገኘው ሪግሊ ፊልድ ነው። የሜዳው አጥር በመካከል ከመቺው 122 ሜትር ያህል፣ በጎንና በጎን ደግሞ 108 ሜትር ያህል ይርቃል። ሜዳው ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዞረ ሲሆን ሚሺጋን የሚባለው ታላቁ ሐይቅ ከምሥራቅ በኩል ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ ቀዝቃዛ ነው፤ ወደ መቺው ፊት ይነፍሳል፤ ኳሶችን እየመለሰ ተቀላቢ ያደርጋቸዋል። ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ ግን ሞቃት ነው፤ ከመቺው ጀርባ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ይነፍሳል። በዚያ ሜዳ ጨዋታ የሚከታተል ሰው ከቡድኖቹ አሰላለፍ በፊት የሚያየው የጣሪያውን ባንዲራዎች ነው ይባላል፤ ትክክልም ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1979 በዚያ ሜዳ የቺካጎ ከብስና የፊላደልፊያ ፊሊስ ቡድኖች ተጫወቱ። ነፋሱ ወደ ውጭ፣ ወደ አጥሩ፣ በብርታት ይነፍስ ነበር። ቤዝቦል ዘጠኝ ምዕራፍ ያለው ጨዋታ ነው፤ ኢኒንግ ይሉታል፤ በአንድ ጨዋታ የሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ተደምሮ በተለምዶ 9 ገደማ ይሆናል። በዚያ ቀን ግን ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ ፊላደልፊያ 7፣ ቺካጎ 6 አስቆጠሩ። ተመልካቹ መቀመጫው ሳይሞቅ ድምሩ 13 ደረሰ። በአምስተኛው ኢኒንግ ፊላደልፊያ 21 ለ9 ይመራ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ሕዝቡ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ቺካጎ ግን እየተከተለ፣ እየተከተለ መጥቶ በስምንተኛው ኢኒንግ 22 ለ22 አቻ ሆነ። በመጨረሻ፣ በተጨማሪው አሥረኛ ኢኒንግ፣ ማይክ ሽሚት ሆም ራን መታና ፊላደልፊያ 23 ለ22 አሸነፈ። ድምሩ 45 ነው። ሆም ራኖቹ 11 ነበሩ፤ ሦስቱን ዴቭ ኪንግማን የሚባለው የቺካጎ መቺ ብቻውን መታ።

አሁን የዛሬውን ንግግሬን ዋና ነገር የያዘ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በዚያ ጨዋታ ነፋሱ ለማን አደላ? ለማንም አላደላም። በቤዝቦል መቺው የሚቆምበት ቦታ አንድ ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች ከዚያው ማዕዘን፣ ወደዚያው አጥር ይመታሉ። ነፋሱ ወደ ውጭ ከነፈሰ ለሁለቱም ወደ ውጭ ይነፍሳል፤ ወደ ውስጥ ከነፈሰ ሁለቱንም ይቃወማል። ስለዚህ የነፋሱ ስጦታ በስጦታ ላይ ይደመራል እንጂ አንዱ የሌላውን አያጣፋም። በቤዝቦል ነፋስ አሸናፊውን ሳይለውጥ ድምሩን ሊለውጥ የሚችለው ለዚህ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ እግር ኳስ ስንሻገር እንፈልገዋለን።

ነገር ግን ሐቀኛ እንሁን፤ 45ቱን ነጥብ ሁሉ ነፋስ አላመጣውም። ነፋስ ወደ ውጭ በሚነፍስባቸው ብዙ ቀናት በዚያው ሜዳ ተራ ውጤት ይመዘገባል። በዚያ ቀን ወርዋሪዎቹ ራሳቸው ደካማ ነበሩ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ ነበር። ምናልባትም፣ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ወርዋሪ ከፍ ያለ ኳስ ሁሉ እየተንሳፈፈ ከአጥር ሲወጣ ካየ እጁ ይፈራል፤ ለመቺው የማይመች ኳስ ልወርውር ሲል ዒላማውን ይስታል፤ በነጻ የሚያልፉት መቺዎች ይበዛሉ። ደግሞም የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ሞቃት ነው ብያለሁ፤ ሞቃት አየር ደግሞ ቀጭን ስለሆነ በራሱ ኳስን ያስረዝማል። ስለዚህ የነፋሱን ድርሻ ከሙቀቱ ድርሻ መለየት ቀላል አይደለም።

አየርን ካነሳን አይቀር፣ ከርዕሴ ሳልርቅ አንድ የተሳሳተ አባባል ላርም። ሲጨፈግግና አየሩ እርጥበት ሲይዝ፣ «አየሩ ከብዷል፣ ኳስ አይሄድም» ይባላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የውኃ ተን ሞለኪውል ከናይትሮጅንም ከኦክስጅንም ይቀላል፤ ስለዚህ እርጥብ አየር፣ ሙቀቱና ግፊቱ እኩል ከሆነ፣ ከደረቅ አየር ትንሽ ይቀላል። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በሜዳ ላይ አይታይም። የሚከብደው ኳሱ ነው እንጂ አየሩ አይደለም። እኛን በተመለከተ ደግሞ ከእርጥበቱ ይልቅ ከፍታው ይበልጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ይህ ሁለት ውጤት አለው፤ የተመታ ኳስ እዚህ ረዘም ይላል፣ በሌላ በኩል እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ ኳሱን የሚገፋበት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሻገር፤ ወደ እግር ኳስ። በ1980ዎቹ ጃን ሜዳ ላይ የሁለት ሰፈር ቡድኖችን ጨዋታ መራሁ። ወሩ የካቲት ነበር፤ አቧራው እየተነሣ ዓይን የሚያሳውር ነፋስ ከምሥራቅ በኩል በቁመት ይነፍስ ነበር። ሳንቲም ወረወርሁ። ያሸነፈው አምበል ለአፍታ እንኳ ሳያመነታ ነፋሱ ከጀርባው የሚሆንበትን ጎል መረጠ። «በመጀመሪያው አጋማሽ እንጨርሳቸዋለን» ብሎ ለጓደኞቹ ሲናገር ሰምቼዋለሁ።

ምን የሆነ ይመስላችኋል? በ45 ደቂቃ አንድም ጎል አላገቡም። ረጅም ኳስ በላኩ ቁጥር ኳሱ አጥቂውን ጥሎ ከጎል መስመሩ ይወጣል። ቅጣት ምት ሲመቱ ከአግዳሚው በላይ ይሄዳል። ማዕዘን ምቱም ከሁለተኛው ቋሚ ባሻገር ይወድቃል። እኔ የጎል ምት እየሰጠሁ ደከመኝ። ከእረፍት በኋላ ነፋሱ ከፊታቸው ሆነ። አሁን ኳሱ እየታገደ አጥቂው ፊት ቁልቁል ይወርድ ጀመር፤ መሬት ለመሬትም መጫወት ግድ ሆነባቸው። ሁለት ጎል ያገቡት ያን ጊዜ ነው። ጨዋታው 2 ለ1 አለቀ። ነፋሱ ባይኖርስ? ያው 2 ለ1 ሊሆን ይችል ነበር።

የምለው ገብቷችኋል? በቤዝቦል ሁለቱም ቡድኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ይመታሉ ብያችሁ ነበር። በእግር ኳስ ግን በአንድ ጊዜ አንዱ ከነፋስ ጋር፣ ሌላው በነፋስ ላይ ይጫወታል፤ ከእረፍት በኋላ ደግሞ ይለዋወጣሉ። አንዱ ያተረፈውን ሌላው ይከስራል፣ ኋላም ሒሳቡ ይገለበጣል። ስለዚህ ነፋስ አንድን አጋማሽ ሊያበላሽ፣ አንድን ቡድን ሊጠቅም ይችላል፤ የጠቅላላውን ድምር ግን በዚያው መጠን አይቀይርም። በዚያ ላይ አብዛኛው ጎል የሚገባው ከቅርብ ርቀት ነው፤ ኳሱ እግርን ለቅቆ መረብ እስኪነካ አንድ ሴኮንድ አይሞላም። ነፋስ በዚያች ቅጽበት ምን ያህል ሊሠራ ይችላል?

«ታዲያ በነፋስ የገቡት ተአምራዊ ጎሎችስ?» የምትሉኝ አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የስቶክ ሲቲ በረኛ አስሚር ቤጎቪች ሳውዝሃምፕተን ላይ፣ ጨዋታው በተጀመረ በ13ኛው ሴኮንድ፣ ከራሱ ጎል ክልል የመታው ኳስ በነፋስ ተገፍቶ፣ ነጥሮ፣ ከተጋጣሚው በረኛ ራስ በላይ አልፎ ገባ። ርቀቱ 91.9 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ደግሞ የኒውፖርት ካውንቲው በረኛ ቶም ኪንግ በቸልተንሃም ሜዳ ከ96 ሜትር በላይ የሄደ ኳስ አገባ። ሁለቱም በየጊዜያቸው በዓለም ክብረ ወሰንነት ተመዝግበው ነበር። ግን ሁለቱ ጨዋታዎች በስንት አለቁ? ሁለቱም 1 ለ1። ነፋስ የማይረሳ ጎል ሰጠ፤ ድምሩ ግን 2 ሆኖ ቀረ። እኛ የምናስታውሰው ጎሉን ነው፤ ነፋሱ ያበላሻቸውን መቶ ቅብብሎች የሚያስታውስ የለም።

በአሜሪካኖቹ ፉትቦል፣ በእጅ በሚያዘው፣ ነገሩ ሦስተኛ መልክ አለው። እዚያም ጎል ይለዋወጣሉ፤ ነገር ግን ኃይለኛ ነፋስ ከየትም ይምጣ ከየት ረጅም ውርወራንና የጎል ምትን ስለሚያሰናክል ድምሩን ወደ ታች ይጎትታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 6 ቀን 2021 ኒው ኢንግላንድ በበፋሎ ሜዳ ሲጫወት ነፋሱ እጅግ ብርቱ ስለነበር ወርዋሪው ማክ ጆንስ በጨዋታው ሁሉ ወደ ፊት የወረወረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሌላ ቀን ሠላሳ ጊዜ ቢወረውር ማንም አይገረምም። ቡድኑ ኳሱን በእጅ እያስሮጠ 14 ለ10 አሸነፈ፤ ድምሩ 24 ነው። የመጀመሪያውን ነጥብ ካስቆጠሩ በኋላ እንኳ የተለመደውን የአንድ ነጥብ ምት ትተው ሮጠው ሁለት ነጥብ ወሰዱ፤ በዚያ ነፋስ እግርን ከማመን እጅን ማመን ይሻላል ብለው ነው።

ነፋስን ከመተዋችን በፊት ለዘጋቢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአየር ትንበያው «በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር» ሲላችሁ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው ገላጣ ቦታ ላይ፣ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሜዳ ውስጥ ያለው ነፋስ ያ አይደለም። የተመልካቹ መቀመጫ ይከልለዋል፣ ይሰብረዋል፣ ያዞረዋል። በጣሪያው ላይ ያለው ባንዲራ ወደ ምዕራብ ሲውለበለብ የማዕዘኑ ባንዲራ ወደ ምሥራቅ ሲያጋድል በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ተመልከቱ። ከፍ ብሎ ለሚሄድ ኳስ የጣሪያው ባንዲራ ነው የሚናገረው፤ ለማዕዘን ምት ደግሞ ከጎኑ የተተከለው።

አሁን ወደ ዝናብ ልምጣ፤ ወደዚያ ወደ ልጁ ጥያቄ። ነፋስ ሥራውን የሚሠራው ኳሱ አየር ላይ ሳለ ነው ብለናል። ዝናብ ግን ኳሱን አየር ላይ ብዙም አይነካውም። ዝናብ የሚሠራው መሬት ላይ ነው፤ ከዚያም በበረኛው እጅና በተጫዋቹ ጫማ ሥር። በመሬቱም ላይ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ሳይሆን ሁለት፣ ያውም ተቃራኒ ነው።

ሁለት ጨዋታዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ሁለቱም የዓለም ዋንጫ ናቸው፣ በሁለቱም ምዕራብ ጀርመን አለች፣ በሁለቱም ዘንቧል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1954 በስዊዘርላንድ፣ በበርን ከተማ የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ሃንጋሪ በምድብ ጨዋታ ያንኑ የጀርመን ቡድን 8 ለ3 ደምስሳው ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሣሩ ርሷል፣ ያንሸራትታል፤ ኳሱ ግን ይንከባለላል። በስድስተኛው ደቂቃ ፑሽካሽ አገባ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የጀርመን ተከላካይና በረኛ እርጥቡ ኳስ ላይ ሳይግባቡ ቀሩ፤ ኳሱ ከበረኛው እጅ አመለጠና ዚቦር አገባው። በ10ኛው ደቂቃ ሞርሎክ አንዱን መለሰ፤ በ18ኛው ራን አቻ አደረገ። በ18 ደቂቃ አራት ጎል! በ84ኛው ደቂቃ ራን ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ፣ በመሬት የሄደች ምት ሰድዶ አሸናፊውን ጎል አስቆጠረ። 3 ለ2፤ ድምሩ 5። ጀርመኖቹ በዚያ ቀን ከጫማቸው ሥር የሚፈታና የሚቀየር ጥርስ ነበራቸው፤ ለእርጥቡ ሜዳ ረዘም ያለውን ገጥመው ገቡ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1974 በፍራንክፈርት ነው፤ ምዕራብ ጀርመን ከፖላንድ። ፖላንድ በዚያ ውድድር ሄይቲን 7 ለ0 ያሸነፈች፣ በክንፍ በሚበሩ ተጫዋቾቿ የምትፈራ ቡድን ነበረች፤ የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ላቶ የእርሷ ነው። ከጨዋታው በፊት ዶፍ ወረደና ሜዳው ኩሬ ሆነ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውኃውን በፓምፕ ሲመጥጡ፣ ሌሎች በመዳመጫ ሲገፉ ጨዋታው ዘገየ። ከተጀመረም በኋላ ውኃው አልጠፋም። የተሰጠ ኳስ መንገድ ላይ ኩሬ ሲያገኝ ቀጥ ይላል፤ ሯጩ አልፎት ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። የፖላንድ ፍጥነት በውኃ ውስጥ ቀለጠ። ጀርመኖቹ ፍጹም ቅጣት ምት አግኝተው የፖላንዱ በረኛ ቶማሼቭስኪ አዳነው። በ76ኛው ደቂቃ ጌርድ ሙለር ብቸኛዋን ጎል አገባ። 1 ለ0፤ ድምሩ 1።

ሁለቱም «ዝናባማ ጨዋታ» ተብለው ይጠራሉ። ግን አንዱ 5፣ ሌላው 1። እርግጥ ነው፣ ከሁለት ጨዋታ ሕግ አይወጣም፤ ለጀርመን በ1974ቱ ጨዋታ አቻ ይበቃት ስለነበር ወደ ፊት መውጣት አላስፈለጋትም፤ ይህም ድምሩን ዝቅ አድርጎት ይሆናል። ምክንያቱን ግን በሜዳው ላይ ማየት ይቻላል። ሣር ላይ ስስ የውኃ ሽፋን ሲኖር ሰበቃው ይቀንሳል። ኳሱ ከመሬት ሲነጥር ፍጥነቱን ሳያጣ ይንሸራተታል፤ በረኛው «እዚህ ይደርሳል» ብሎ ከገመተው ቀድሞ ይደርስበታል፤ ጓንቱ ላይ አይያዝለትም፤ የተተፋውን ኳስ አጥቂ ያገኘዋል። ተከላካይ ለመዞር ሲሞክር እግሩ ይከዳዋል፤ አጥቂው ግን ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ ስለሚያውቅ የመንሸራተት ዕዳው ያንሳል። ይህ ሁሉ ጎል የሚጨምር ነው። ታላላቅ ክለቦች ከጨዋታ በፊት ሜዳቸውን ውኃ የሚያጠጡት ኳሱ እንዲፈጥንላቸው አይደለምን? ውኃው ከሣሩ በላይ ቆሞ ሲታይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኳሱ ውኃውን መግፋት አለበትና ይቆማል። ቅብብል ይሞታል፤ ሁሉም ወደ ላይ መምታት ይጀምራል።

እኛ ዳኞች ይህን የምንለይበት መንገድ ቀላል ነው። ከጨዋታ በፊት ኳሱን ይዤ እገባለሁ። በወገቤ ከፍታ እለቀዋለሁ፤ ከነጠረ ደህና ነው፣ «ጧ» ብሎ ከተቀመጠ ችግር አለ። ከዚያ መሬት ለመሬት እንከባልለዋለሁ፤ በሁለቱ ጎሎች ፊትና በመሐል ሜዳ፣ ምክንያቱም ሣሩ የሚሳሳውና መሬቱ የሚጎደጉደው እዚያ ነው። አንድ የሐምሌ እሑድ ኳሱ መሐል ሜዳ ላይ በደንብ ሲንከባለል አይቼ ጨዋታውን አስጀመርሁ፤ ጎሎቹ ፊት መሞከሩን ዘነጋሁ። ሁለት ጊዜ ወደ ባዶ ጎል የተመታ ኳስ መስመሩ ላይ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። 0 ለ0 ተለያዩ፤ የአንደኛው ቡድን አሠልጣኝም ለብዙ ዓመት ሰላም አላለኝም። በእኔ ላይ የፈረደው ፍርድ ትክክል ነበር።

ቤዝቦል በዚህ በኩል ይለያል፤ ሲጠነክር ዝናብ ጨዋታውን ያቋርጠዋል፣ ሜዳው በትልቅ ሸራ ይሸፈናል። ጠብ ጠብ ሲል ግን ይቀጥላሉ፤ ያኔ የሚቸገረው ኳሱ በጣቱ ላይ የሚንሸራተትበት ወርዋሪ ነው። ስለዚያ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ ውርርዱ ጠይቁኝ ብላችሁ የምታንሾካሹኩ ወጣቶች እዚያ ከኋላ ይታዩኛል። አጭር መልስ ልስጣችሁ። ትንበያውን እናንተ ብቻ አይደላችሁም የምታዩት። ድምሩን የሚያስቀምጠው አወራራጅ ዶፍ እንደሚወርድ፣ ነፋሱም ወደየት እንደሚነፍስ ከእናንተ ቀድሞ አይቶ ቁጥሩን አስተካክሏል። ስለዚህ ዝናብ መኖሩን ማወቅ አንዳች ብልጫ አይሰጣችሁም።

በረንዳው ሥር የነበረውን ልጅም ይህንኑ ነገርሁት። ዝናቡ እስኪያባራ ግማሽ ሰዓት ቆምን፤ እኔም ስለ በርንና ስለ ፍራንክፈርት አወራሁት። በመጨረሻ ስልኩን ከፍቶ የዚያን ቀን ጨዋታ በቀጥታ ሲያሳየኝ እንደ ዳኛ ተጎንብሼ አየሁ። ኳሱ ሲንከባለል ከኋላው ቀጭን የውኃ ጭረት ብቻ ይተዋል፤ አይቆምም። «ይኸውልህ፣ ይህ የበርኑ ዓይነት ነው» አልሁት። በዚያው ቅጽበት በረኛው ተራ ኳስ አመለጠችውና በእግሩ መሐል አልፋ ገባች። ልጁም ወረቀቱን ጨብጦ ኪሱ ከተተና፣ «ጋሼ፣ ይህን ከመወራረዴ በፊት ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለኝ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑን አሳልፉላቸው፤ ከፊት ረድፍ ያሉት አሠልጣኝ አስቀድመው እጃቸውን አንሥተዋልና ከእርሳቸው እንጀምር።